የአያት የሙሽርነት ቀሚስ ስፌቱ ሲፈታ ምን ይታያል? (ለአጭር ልብወለድ)

ሰላም፣ አንኮበር ላይ የሚፈጸም አጭር ልብወለድ ጀምሬ ተጣብቄያለሁ፤ ስፌት የምታውቁ እርዱኝ።

ልጅቷ የሟች አያቷን የሙሽርነት ሀበሻ ቀሚስ ልታሰፋው የጎን ስፌቱን ትፈታለች። ከፊትም ከኋላም 2 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሸማ ታጥፎ ታገኛለች። ሁለቱ ጎኖች ሲደመሩ 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ቀሚሱ መጀመሪያ የተሰፋው ለሌላ፣ ሰፋ ላለች ሴት ነበር ማለት ነው። ታሪኩ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው።

የቸገረኝ ማስረጃው ነው። መጀመሪያ የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ አሳይቼ ነበር፤ ግን የእጅ ፈትል ልል ስለሆነ ሲታጠብ ክሩ ተመልሶ ይገጥማል፣ ቀዳዳውም ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ጥለቱ ዞርኩ። ሲጠብ ታችኛው ጥለት ላይ ያለው መስቀል መጋጠሚያው ላይ ግማሹ ተውጦ ነበር፤ ስፌቱ ሲፈታ ሙሉው ይወጣል።

ቀለሙ ግን አልገባኝም። ሰፊ ሳለ ተለብሶ ከነበረ ትርፉም እንደ ውጪው ይወይባል፤ ሳይለበስ ከጠበበ ነጣ ብሎ መቅረት አለበት። የጎጆ ጭስ ስስ ሸማ አልፎ የታጠፈውንም አያወይበውም? ልዩነቱ በዓይን ይለያል ወይስ ጥለቱ ብቻውን ይበቃል?