ከሕንፃ ማሠሪያው ለተፈናቃይ ይሰጥ ወይስ አይነካ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ አለን፣ የዓመቱ በጀት ይጸድቃል። ለሕንፃ የተዋጣ 310,000 ዶላር ባንክ ተቀምጧል። ለአገር ቤት ተፈናቃዮች 30,000 እንስጥ ስንል ሰበካ ጉባኤው «አይነካም» አለ። በድምፅ ብንወስንስ?

ልጅ ዳላስ፦ ምን ድምፅ ያስፈልገዋል? ብሩ የሕዝብ ነው። ሰው እየተራበ ምንጣፍና መስታወት ልናሳምር ነው? አሥራት እኮ ለድሃ ነው የሚሰጠው።

የቀድሞ ሒሳብ ያዥ፦ አሥራትማ የካህናቱን ደመወዝና የቤተ ክርስቲያኑን ወጪም ይሸፍናል፣ ለድሃ ብቻ አይደለም። ወደ ጥያቄው ስመለስ፣ አንድ ሰው ቼኩ ላይ «ለሕንፃ» ብሎ ከጻፈ፣ ወይም እናንተ «ለሕንፃ አዋጡ» ብላችሁ ከሰበሰባችሁ፣ ያ ገንዘብ በእጅ ብልጫ ወደ ሌላ አይዞርም። እዚህ አገር ሕጉም እንደዛው ነው። ማዞር የሚችለው በዋናነት ሰጪው ራሱ ነው፣ እሱም በጽሑፍ ቢፈቅድ ይሻላል። ግን 310,000ው በሙሉ እንደዚህ ነው ወይ? ብዙ ቦታ ከእሁድ ሙዳየ ምጽዋት የተረፈውን ሰበካ ጉባኤው ራሱ ወደ ሕንፃው ሒሳብ ያዛውራል። እሱን ያስቀመጠው ኮሚቴ ነውና በውሳኔ መመለስ ይቻላል። ሒሳቡን ሲያቀርቡ ሁለቱን ለይተው እንዲያሳዩ ጠይቅ።

ወለተ ሚካኤል፦ ታዲያ ሒሳብ ሹሙ በልቷል ነው የምትሉት? እንዲህ በአደባባይ ሰው ማማት ነውር ነው።

የቀድሞ ሒሳብ ያዥ፦ እትዬ፣ ማንም በላ አላልንም። የተቀላቀለ ሒሳብ ይለይ ነው ያልነው።

ጠያቂ፦ በጀቱን ልለጥፍላችሁ። ገቢ፦ የ400 አባላት የወር መዋጮ በ40 ዶላር 192,000፣ ሙዳየ ምጽዋትና ንግሥ 90,000። ወጪ፦ ደመወዝ 96,000፣ የሕንፃው ብድር 84,000፣ መብራት፣ ኢንሹራንስና ጥገና 36,000። 66,000 ይተርፋል። ታዲያ ለተፈናቃይ የሚሆን እንዴት ይጠፋል?

የቀድሞ ሒሳብ ያዥ፦ 400ው የተመዘገበ ነው ወይስ የሚከፍል? አምና በወር መዋጮ በትክክል የገባው ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ቆይ ልየው... 118,000።

የቀድሞ ሒሳብ ያዥ፦ በቃ፣ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። 118,000 እና 90,000 ብትደምር 208,000 ነው፣ ወጪው ደግሞ 216,000። ትርፍ የምትለው 66,000 ወረቀት ላይ ብቻ ነው ያለው፣ በእውነቱ 8,000 ጎድሎባችኋል። ያ ጉድለት ከየት እንደተሸፈነ ብትጠይቅ ምናልባት ከሕንፃው ሒሳብ «ለጊዜው» ተብሎ ተወስዶ ታገኛለህ። ለተፈናቃይ አይነካም የሚባለው ገንዘብ ለመብራት እየተነካ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። መዋጮ ክረምት ላይ ሰው ለዕረፍት ሲበተን ይቀንሳል፣ በንግሥ ቀን ይሞላል፤ በጀት የሚሠራው ግን በተመዘገበ ሰው ብዛት ሳይሆን ባለፈው ዓመት በገባው ነው።

ልጅ ዳላስ፦ እሺ፣ በዚህ ተረታሁ። ግን በዚህ ስሌት ከሄድን ለድሃ መቼም አይተርፍም። ለዚያ ነው ከሚገባው ሁሉ 10 በመቶ መጀመሪያ ይነሳ የምለው።

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ እኔ በ10 በመቶው እስማማለሁ። አምና ወንድሜ እዚህ ሲያርፍ አስከሬኑን አገር ቤት ለመላክ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሳጥን ይዘን ቆመናል። ለእንዲህ ያለ ቀን የተቀመጠ ነገር ቢኖር ያን ጊዜ ሰው ፊት አንቆምም ነበር። ለአገር ቤቱም ለእዚህም ይሁን፣ በበጀቱ ላይ ስሙ ይኑር።

የቀድሞ ሒሳብ ያዥ፦ በመቶኛው አልስማማም፣ ጉድለት ላይ 20,800 ከየት ይነሳል? ይልቅ ለተፈናቃዮቹ አንድ እሁድ ለብቻው ሙዳይ ይዙር፣ ለብቻውም ይመዝገብ። ሰው ለምን እንደሚሰጥ ሲያውቅ እጁ ይፈታል። አገር ቤት ስትልኩም በግለሰብ ሒሳብ ሳይሆን ደረሰኝ በሚሰጥ ተቋም በኩል ይሁን።

ጠያቂ፦ ሰበካ ጉባኤውን ጠየቅሁ። ከ310,000ው 70,000ው እውነትም ከሙዳይ የተዛወረ ነው። ስለዚህ 30,000 ከዚያ ይውጣ ልል ነው።

ብድር የማውቅ፦ ከመናገርህ በፊት አንድ ነገር። የቤተ ክርስቲያን ብድር እንደ መኖሪያ ቤት ለ30 ዓመት በአንድ ወለድ አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ክፍያው በ20 ወይም በ25 ዓመት ይሰላል፣ ውሉ ግን በ5 ወይም በ7 ዓመት ያልቅና ቀሪው ዕዳ በአንዴ ይጠየቃል ወይም በአዲስ ወለድ ይታደሳል። የእናንተ መቼ ነው የሚያልቀው?

ጠያቂ፦ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ።

ብድር የማውቅ፦ እንግዲያው ያ 70,000 ባንኩ ሲያያችሁ የምትቆሙበት ገንዘብ ነው። ገቢያችሁ ከወጪ በታች ሆኖ እጃችሁ ላይ ያለው ደግሞ ቢቀንስ፣ የሚሰጧችሁ ወለድ ይከብዳል።

ልጅ ዳላስ፦ ባንኩ እስኪፈቅድ ሰው ይራብ?

የሲልቨር ስፕሪንግ እናት፦ 10,000 ከዚያ፣ የቀረውን በእሁድ ሙዳይ። እኔ እሁድ እንደዚህ ብዬ እጄን አወጣለሁ።

ብድር የማውቅ፦ እኔ 10,000ውንም አልደግፍም።