ከ12,000 ብር ደመወዝ እጄ የገባው 3,210 ነው፤ አሠሪ እስከ ስንት መቁረጥ ይችላል?

የመጋዘኑ ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ንብረት ክፍል ነው የምሠራው። ያልተጣራ ደመወዜ 12,000 ብር ነው። የዚህ ወር ፔይስሊፕ ላይ ግብር 2,250፣ ጡረታ 840፣ በፍርድ ቤት የታዘዘ የልጅ ቀለብ 2,500፣ የድርጅቱ ብድር 2,000፣ "የቆጠራ ጉድለት" 1,200 ተቆርጧል። የቀረኝ 3,210 ነው። የቤት ኪራይ እንኳ አይችልም። ቀለቡን አልቃወምም፣ ልጄ ናት። ብድሩንም ፈርሜ ነው የወሰድኩት። ለጉድለቱ ግን ማንም አላስፈረመኝም። የሰው ኃይል ኃላፊዋን ስጠይቃት "ሁሉም ሕጋዊ ነው" አለችኝ። እውነት ነው?

አብዲ ፍራንኮ
ወንድሜ፣ ሕጉ ሲሶ ነው የሚለው። ግን ሲሶው የሚሰላው እጅህ ከሚገባው ነው። ግብርና ጡረታ ሲወጣ 8,910 ይቀርሃል፤ ሲሶው 2,970 ነው። ፍርድ ቤት ያዘዘው ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። ፍርድ ቤት ካዘዘ ሙሉውንም ሊወስዱብህ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለቡን ተወውና በብድሩና በጉድለቱ ላይ ተከራከር።

ደሞዝ ከፋይዋ
አብዲ፣ ሲሶ ማለትህ ትክክል ነው። የቀረው ግን ያሳስተዋል። እኔ በአንድ ፋብሪካ ፔሮል እሠራለሁ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በየጊዜው ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 ሁለት ነገር ይላል። አንደኛው፣ አሠሪ ከደመወዝ ላይ የሚቆርጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲኖር ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ተደምሮ በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። "ተደምሮ" የሚለውን ልብ በሉት። ለብድሩ አንድ ሲሶ፣ ለቀለቡ ሌላ ሲሶ የለም። ሲሶው የሚሰላውም ከወር ደመወዙ ነው እንጂ እጅ ላይ ከሚደርሰው አይደለም። ትርፍ ሰዓት፣ አበልና ቦነስም በዚህ ስሌት ደመወዝ አይባሉም።

ስለዚህ ወንድሜ ጣሪያህ 4,000 ብር ነው። የፍርድ ቤቱ 2,500 ይያዛል፣ 1,500 ይቀራል። ብድሩ 2,000 የነበረው ወደ 1,500 ይወርዳል። ጣሪያው እዚያ ላይ ሞላ፤ ጉድለቱ የሚገባበት ቦታ የለም። በዚህ ስሌት እጅህ የሚገባው 4,910 ይሆን ነበር። 1,700 ብር በትርፍ ተቆርጦብሃል ማለት ነው።

ለብድሩ በወር 2,000 ይቆረጥ ብለህ ፈርመህ ይሆናል። ፊርማህ ለመቁረጥ ምክንያት ይሆናል እንጂ ጣሪያውን አያነሳም። ዕዳው ግን አይሰረዝም፣ ጊዜው ብቻ ይረዝማል። 18,000 ቢቀርህ በዘጠኝ ወር ያልቅ የነበረው ዓመት ይፈጃል።

የመጋዘኑ ልጅ (ጠያቂ)
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረኝ በትክክል 18,000 ነው፣ ገምተሽ አገኘሽው! ግን ግብርና ጡረታውን ሲሶው ውስጥ አላስገባሽም። "ተደምሮ" ከሆነ እነሱስ አይደመሩም?

ደሞዝ ከፋይዋ
ጥሩ ጠየቅህ። ሰው የሚከራከረው እዚህ ጋ ነው። ቃል በቃል ለሚያነብ ሰው፣ ግብርም በሕግ የሚቆረጥ ስለሆነ ይደመራል። እንዲያ ከሆነ 3,090 ቀድሞ ይሄዳል፣ ከ4,000 የሚቀረው 910 ብር ነው። የልጅህ ቀለብ እንኳ አይሞላም።

እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች ሁሉ ግብርና ጡረታ ለብቻ ይያዛሉ፣ ሲሶው ለሌላው ተቀናሽ ነው። ምክንያት አለን። ደመወዙ 30,000 የሆነ ሰው አሁን ባለው የግብር መጣኔ 8,450 ግብር ይከፍላል፣ ጡረታው 2,100 ነው። ድምሩ 10,550 ይሆናል። የ30,000 ሲሶ 10,000 ነው። ግብርና ጡረታ ብቻቸውን ከጣሪያው አለፉ! ታዲያ አሠሪው ግብሩን ይተወው? ገቢዎች አይሰማህም። አዋጁ ግን "ከግብርና ከጡረታ በቀር" የሚል ቃል አላስገባም። በሌላ መንገድ የሚያነብ የሕግ ባለሙያ ብታገኙ አትገረሙ።

መምህርቷ
እኔም ተመሳሳይ ነገር ገጥሞኛል። የሥራ ባልደረባዬ ለወሰደው ብድር ዋስ ሆኜ ነበር። እሱ ከመሥሪያ ቤቱ ጠፋ፣ ዕዳው ወደ እኔ ዞረ። በየወሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች በዚህ አዋጅ አንተዳደርም፣ የራሳችን አለን፤ እዚያም ሲሶ የሚባለው ጣሪያ አለ። የኔ ሲሶውን አላለፈም፣ ስለዚህ አፌን ዘግቼ እከፍላለሁ። ግን ዋስ ስትሆኑ ደመወዛችሁን ነው የምታስይዙት። ይቅርታ፣ ከጥያቄው ወጣሁ መሰለኝ።

ከችሎት ደጅ
ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ፣ ከአፈጻጸም ችሎት ደጅ አልጠፋም። ከላይ የተባለው ስሌት ልክ ነው። እኔ የምጨምረው የአሠራሩን ነው።

በመጀመሪያ የትዕዛዙን ግልባጭ አውጣና አንብበው። እዚህ የፍርድ ቤት ሥራ በአፋን ኦሮሞ ነው። አንዳንድ ድርጅት ውስጥ ደብዳቤውን አንድ ሰው በቃል ይተረጉምና በዚያው ይኬዳል። ፋይናንስ ክፍል የወሩን ቀለብ ከውዝፉ ጋር አደባልቆ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ትዕዛዙ ስንት ብር ይላል? ከየትኛው ወር ጀምሮ? ውዝፍ አለበት? ገንዘቡ በማን ሒሳብ ነው የሚገባው? እነዚህን ከፔይስሊፑ ጋር አስተያይ።

ቀጥሎ፣ ቀለቡን በገዛ እጅህ እንዳታስቆም። ድርጅቱም ቢሆን "ሲሶ አልፏል" ብሎ ትዕዛዙን ዝም ማለት አይችልም። ከጣሪያው በላይ ሆኖ ካገኘው ለችሎቱ በደብዳቤ ይመልሳል። ዝም ካለ የሚጠራው ሥራ አስኪያጁ ነው። አንቀጽ 59 ከተቀናሾች የቱ ይቅደም አይልም። ግን የትኛውም ጤነኛ ድርጅት የፍርድ ቤቱን አስቀድሞ የራሱን ብድር ያዘገያል።

ሰለሞን ቦኩ
ቀለቡ በዝቷል ብለህ አቤቱታ አስገባ እንጂ! 2,500 ለአንድ ልጅ? ሽማግሌ ልከህ ብትነጋገሩ ይሻላል።

የመጋዘኑ ልጅ (ጠያቂ)
ሶል፣ ቀለቡን አልቃወምም ብያለሁ እኮ። ትምህርት ቤቷን ብቻ ብታይ ይገባሃል። ጥያቄዬ ስለ ጉድለቱ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በቆጠራ 7,200 ብር የሚያወጣ ዘይት ጎደለ ተባለ። ለሦስታችን አካፈሉት፣ ለእያንዳንዳችን 2,400 ደረሰ። በሁለት ወር እንቆርጣለን አሉ። የመጀመሪያው ይሄ ነው። ቁልፉን የሌሊት ጥበቃውም ይይዘዋል።

ደሞዝ ከፋይዋ
"ለሦስት አካፈልነው" የሚለው ነገር ለኔ ምንም አይጥመኝም። ማን እንዳጎደለ ሳይጣራ ነው ገንዘብ የቆረጡት። ምናልባት "የሥራ ደንባችን ይፈቅዳል" ይሉህ ይሆናል። ደንቡን ወይም የኅብረት ስምምነቱን አሳዩኝ በል፣ የትኛው አንቀጽ እንደሚል በጣትህ አስይዛቸው። በቃል የሚወራ ደንብ ደንብ አይደለም። አንቀጹ ቢገኝ እንኳ የዚህ ወር ጣሪያ በቀለቡና በብድሩ ሞልቷል፤ በዚህ ወር ሊቆርጡት አይችሉም።

አሁን ደግሞ አንድ ወረቀት አምጥተው "ፈርም" ሊሉህ ይችላሉ። ሳታነብ አትፈርም። ጉድለቱን ካመንክ ያንን ያህል እንዲቆረጥ የጽሑፍ ስምምነት ሰጠህ ማለት ነው።

አብዲ ፍራንኮ
እኔ ግን አሁንም ፍርድ ቤት ያዘዘው በሲሶው አይገደብም እላለሁ። ፍርድ ቤት እኮ ነው!

ከችሎት ደጅ
አብዲ፣ አዋጁ የፍርድ ቤት ትዕዛዝን ከመቁረጫ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮ ነው "በምንም ሁኔታ" ያለው። በተግባር ግን ችሎቱ ሌላ ተቀናሽ እንዳለ ላያውቅ ይችላል፣ ከፊቱ ያለው የደመወዝ መጠን ብቻ ነውና። ስለዚህ ባለዕዳው ራሱ ፔሮሉን ይዞ ቀርቦ ቢያስረዳ ይበጃል። ደመወዝ ሲቀንስ ወይም ሥራ ሲቀየር ደግሞ የቀለቡ መጠን እንዲታይ ማመልከት ይቻላል። አሁን ያንተ ጉዳይ እዚያ አልደረሰም።

መንገዱን ልንገርህ። ለሰው ኃይል ክፍል አጭር ደብዳቤ ጻፍ። "የተቆረጠብኝ ጉድለት 1,200 ብር በጽሑፍ ያልተስማማሁበት ነው፤ የብድሩም ተቀናሽ ከአንቀጽ 59 ጣሪያ በላይ ስለሆነ ይስተካከልልኝ" በል። ሁለት ቅጂ አድርግ፣ አንዱ ላይ የደረሰበትን ቀን አስፈርም። መልስ ካጣህ የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደህ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አነጋግር። ብዙ ጊዜ አንድ ስልክ ሲደወል ነገሩ ያልቃል። ካልሆነ የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ የሥራ ክርክር ሲያቀርብ የዳኝነት አይከፍልም።

የመጋዘኑ ልጅ (ጠያቂ)
ፔሮሉ ላይ ግን ፈርሜ ደመወዙን ወስጃለሁ። ይህ አይጎዳኝም?

ደሞዝ ከፋይዋ
አይጎዳህም። አንቀጽ 60ን አንብበው። አሠሪው የተቀናሹን ዓይነትና መጠን በመዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው የተጻፈውን የተጣራ ክፍያ ሳይቃወም መቀበሉ ደግሞ ከደመወዙ የቀረበትን እንደተወ አያስቆጥርበትም። ሆኖም በሚቀጥለው ወር ስትፈርም ከስምህ ጎን "በተቀናሹ አልስማማም" ብለህ ብትጽፍ አይከፋም።

የመጋዘኑ ልጅ (ጠያቂ)
ደብዳቤውን ዛሬ ጠዋት አስገባሁ። ኃላፊዋ ደንቡን ፈልጋ አጣችው። የሁለተኛው ወር 1,200 እንደማይቆረጥ፣ ብድሩም 1,500 እንደሚሆን በቃል ነግራኛለች። የተቆረጠውን ግን "ጉድለቱ እስኪጣራ ይቆይ፣ በኋላ እናየዋለን" ብላለች። ብጠብቅ ችግር አለው?

ከችሎት ደጅ
ጥቂት ጠብቅ፣ ግን ቀኑን ያዝ። የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። "በኋላ እናየዋለን" እየተባለ ስድስት ወሩ ያለፈበት ብዙ ሰው አለ። በቃል የነገረችህንም በጽሑፍ አስደርገው።

ደሞዝ ከፋይዋ
የሁለቱ ባልደረቦችህስ? ከእነሱም ተቆርጧል አይደል? ሦስታችሁ ብትጽፉ ይሻላል።

የመጋዘኑ ልጅ (ጠያቂ)
አንደኛው ይጽፋል። ሌላኛው ኮንትራቱ ሊያልቅ ስለሆነ ፈርቷል። ብድርም ቀለብም የለበትም፣ የተቆረጠበት 1,200ው ብቻ ነው። ሲሶው ለሱ አይሠራም ማለት ነው?

ደሞዝ ከፋይዋ
ጣሪያው አያግዘውም። ምክንያቱ ግን ያግዘዋል፤ አልፈረመም፣ ደንቡም አልተገኘም።