ልጅቷ ከቤት ወጥታ መንገዱ ላይ ስትደርስ ፊቷ ቀለሙን ይቀይራል፣ ስልኩ ላይ ምኑን ነው ሎክ የማደርገው?

ጀማሪዋ ከጀጎል፦ ሰላም ናችሁ አቦ። 6 ደቂቃ የምትሆን አጭር ፊልም በሳምሰንግ ኤ ስልክ እየቀረጽን ነው። ልጅቷ የሐረሪ ቤታችን ዋና ሳሎን ጊድር ጋር ውስጥ፣ ነደባው ማለትም መቀመጫ መደቡ ላይ ተቀምጣ ቆይታ ተነስታ በበሩ ወደ ቀጭኗ መንገድ ትወጣለች፣ ውጪ ያለው ግድግዳ አረንጓዴ ነው። ቤት ውስጥ ፊቷ አመድ ይመስላል፣ ውጪ ደግሞ ሮዝ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ምስሉ በአንዴ ቦግ ይልና ፎከሱም ይዋዥቃል። ፊቷን ነክቼ AE/AF ሎክ አድርጌ ነበር ግን ቀለሙ አሁንም ይቀየራል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ 0.5ቱን ሌንስ ነው የተጠቀምኩት። ምን ላድርግ?

ቶሎ መላሽ፦ ዋርያ ይሄማ ቀላል ነው፣ ዝም ብለሽ ቅረጪና ቀለሙን ካፕከት ላይ አስተካክይው። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

የሰርግ ካሜራማን ከከዚራ፦ ቶሎ መላሽ፣ ቀለሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ስህተት ቢሆን ያልከው ይሰራል። እዚህ ግን እዛው ሾት ውስጥ እየሄደ ነው የሚቀየረው፣ አንድ ቦታ ስታስተካክለው ሌላው ቦታ ይበላሻል።

እህቴ፣ AE/AF የሚይዘው ብርሃኑንና ፎከሱን ብቻ ነው፣ ቀለሙን የሚያስተካክለውን ዋይት ባላንስ አይነካም፣ ለዛ ነው የቀጠለብሽ። ነደባው ቀይ ነው አይደል? ስልኩ ቀይ በዝቶ ሲያይ መብራቱ ቀይ ነው ብሎ ይገምትና ቀዩን ይቀንሳል፣ ከልጅቷ ፊትም አብሮ ይቀንስበታል፣ አመድ የመሰለችው ለዛ ነው። ውጪ አረንጓዴውን ግድግዳ ሲያይ ደግሞ አረንጓዴ ይቀንሳል፣ ፊቷ ሮዝ ይሆናል። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ ግድግዳው ነው ስልኩን የሚያታልለው።

ብዙ የኤ ስልኮች ላይ ያለው Pro ለፎቶ ብቻ ስለሆነ Open Camera የሚባለውን ነጻ አፕ አውርጂ። ሴቲንጉ ውስጥ Camera API የሚለውን Camera2 API አድርጊው፣ ከዛ ዋይት ባላንሱን ወደ ማንዋል ቀይሪና 5600 ላይ አስቀምጪው። ማንዋል የሚል ከሌለ ስልኩ አይፈቅድም ማለት ነው፣ Daylight የሚለውን ምረጪ፣ እሱም አይንቀሳቀስም። ቤት ውስጥ ያለውን አምፖል አጥፉት፣ ብርሃኑ በበሩ የሚገባው ብቻ ይሁን፣ ያኔ ውስጥም ውጪም ያው የቀን ብርሃን ነው፣ ሲኑን በሙሉ በአንድ ቁጥር ትጨርሺዋለሽ። መንገዱ ጥላ ስለሆነ ትንሽ ሰማያዊ ይላል፣ ተይው፣ አይን ያንን ይቀበላል። አይን የማይቀበለው መሀል ላይ ሲቀየር ነው።

አባ ጅቦ፦ እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ማታ ጅብ ሲመገብ በስልክ ስቀርጽ ሁሉም ነገር እህል እህል ይላል፣ ቴሌ ሌንሱን ተጠቅሜ እንኳን። ሌንስ ልግዛ? በክሊፕ የሚሰኩት ጥሩ ናቸው?

የሰርግ ካሜራማን ከከዚራ፦ አባ ጅቦ ያንተ ሌላ ነው፣ ያንተ ችግር ብርሃን ማነስ ነው። ብዙ ስልክ ጨለማ ሲሆን ቴሌውን ትቶ ዋናውን ሌንስ ቆርጦ ያሳይሃል፣ አንተ ቴሌ ላይ ያለህ ይመስልሃል። 1x ላይ ሁንና ተጠጋ፣ ጅቡ ከፈቀደልህ 😄 የክሊፕ ሌንስ ብርሃን አይጨምርም።

ፊልም ተማሪ፦ ስለ ሌንስ ካነሳችሁ እኔም ልበል፣ 0.5ቱን ተዪው። ጠባብ መንገድ ላይ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ዳር ላይ ያለ ፊት ይለጠጣል፣ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ጥላ ውስጥ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ብዙ ርካሽ ስልክ ላይ ፎከሱ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ደግሞ የየሌንሱ ቀለም ይለያያል፣ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም 0.5 እና 1x ጎን ለጎን ሲገቡ ያስታውቃሉ። 1x አድርጊና ጀርባሽን ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ ራቂ። 0.5ን መንገዱን ብቻ ለማሳየት፣ ሰው አጠገብ ሳይኖር ተጠቀሚው። ሹተሩንም 1/50 አድርጊ፣ ካልሆነ ሲኒማ አይመስልም።

የሰርግ ካሜራማን ከከዚራ፦ በሌንሱ እስማማለሁ፣ 1/50 ግን ውስጥ ብቻ። የስልክሽ ሌንስ ቀዳዳው አይጠብም፣ ISOውን እስከ መጨረሻው ብታወርጂውም የኛን ፀሐይ በ1/50 ከቀረጽሽ ነጭ ወረቀት ነው የምታገኚው። ሌንሱ ፊት ላይ የሚደረግ፣ ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ከሌለሽ ውጪ ላይ ሹተሩ ይፍጠን፣ ቀስ ብላ ስትራመድ ብዙም አያስታውቅም። 1/50 በጣም የሚጠቅመው አምፖል ስር ስትቀርጪ ነው፣ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ መስመር መስመር አይልብሽም።

ፎከሱን ከአንቺ ወደ 3 ሜትር የሆነ ሰው ላይ ያዢውና ቆልፊ። 1x ላይ ከ2 ሜትር ጀምሮ ወደኋላ ስትራመድ በቂ ጥራት ይኖረዋል፣ የሚዋዥቀው ስልኩ እየፈለገ ስለሆነ ነው። ፊቷን በ40 ሳንቲም ቅርበት ስትይዢ ግን ለዛ ሾት አዲስ ሎክ ያስፈልጋል። ነጭ ሻሽ ካደረገች ብርሃኑን በፊቷ ቆልፊና የሻሹ ክር እስኪታይ ድረስ ቀንሺው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ስልክሽ ሲግል ስክሪኑ ራሱ ይደበዝዛል፣ ጨለመ ብለሽ ብርሃን ትጨምሪያለሽ፣ ቤት ስትገቢ ሁሉም ተቃጥሎ ታገኚዋለሽ። ድሬ ላይ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፣ ሙሽራዋን አሁንም መንገድ ላይ ስናያት እንሸሻለን።

አይፎን ያለው፦ አይፎን ላይ Settings ገብተሽ Camera ከዛ Record Video ውስጥ Lock White Balance አለ፣ እሱን ካበራሽ አለቀ።

ፊልም ተማሪ፦ አላለቀም ወንድሜ፣ እሱ የሚይዘው ሪከርድ ከጀመርክ በኋላ ነው። አንዱን ቴክ ቀዩ ነደባ ላይ አነጣጥረህ ብትጀምር፣ ሁለተኛውን አረንጓዴው ግድግዳ ላይ፣ ሁለቱም ይቆለፋሉ ግን በተለያየ ቀለም። ሁሌ እሷ የቆመችበት ብርሃን ላይ ነጭ ወረቀት አስይዛችሁ ካሜራውን ወረቀቱ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ከዛ ወረቀቱን አንሱት።

ጀማሪዋ ከጀጎል፦ ኧረ ተባረኩ! ዛሬ ጠዋት ሞከርነው። 5600 አድርጌ አምፖሉን አጠፋን፣ የፊቷ ቀለም ውስጥም ውጪም አንድ ሆነ ዋላሂ። ፎከሱም ቆመ። ግን ብርሃኑ ላይ ተጣብቄያለሁ፦ ለውስጥ ከቆለፍኩ መንገዱ ነጭ ይሆናል፣ ለውጪ ከቆለፍኩ ቤቱ ጥቁር ሆኖ ነደባው አይታይም። በሩ ላይ አንድ ሾት እንዲሆን ነበር የፈለግኩት፣ ሳልቆርጥ።

ቶሎ መላሽ፦ HDR አብሪው።

የሰርግ ካሜራማን ከከዚራ፦ ጥቂት ይረዳል፣ ቀትር ላይ ግን ልዩነቱን አይሸፍነውም። እኔ ብሆን በሩ ላይ እቆርጠዋለሁ፦ ከውስጥ ጀርባዋን፣ ለውስጡ ቆልፌ፣ ከዛ ውጪ ቆሜ ስትወጣ ፊቷን፣ ለውጪው ቆልፌ። ዋይት ባላንሱን አትንኪው፣ 5600 ላይ ይቆይ።

ፊልም ተማሪ፦ እኔ አልቆርጥም። ለውጪ ቆልፋ ቤቱ ይጥቆር፣ ልጅቷ ጥላ ሆና ተነስታ ወደ ብርሃኑ ትውጣ፣ ታሪኩ እንደሱ ከሆነ ያምራል። ወይም ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ ሞክሪው፣ ፀሐይዋ መንገዱ ውስጥ ሳትገባ ልዩነቱ ያንሳል።

የሰርግ ካሜራማን ከከዚራ፦ ነደባውን ማሳየት እፈልጋለሁ ትላለች እኮ።

ጀማሪዋ ከጀጎል፦ ነደባው መታየት አለበት፣ እናቷ እዛ ነው የምትቀመጠው። ነገ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱንም እቀርጻለሁ፣ ከነቁጥሩ እለጥፍላችኋለሁ። Open Camera ላይ 0.5ቱ ጭራሽ አይመጣም ግን፣ የናንተም እንደዛ ነው?