ጥቆማ፦ ኬትሉና ቦይለሩ ነጭ ቅርፊት አበዙ፣ ሶፍትነር ማስገባት ያዋጣል?

ጠያቂዋ፣ አዘዞ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጎንደር፣ ግቢያችን ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ነው የምንጠቀመው። ፓምፑ ወደ ሮቶ ይገፋዋል፣ ከዚያ በራሱ ይወርዳል። ኬትሉን ባጸዳን በሳምንቱ ውስጡ ነጭ ይለብሳል። ሻይ ላይ ስስ ነገር ይንሳፈፋል። የሻወሩ ሙቅ ውሃ እየቀጠነ መጥቷል፣ ቀዝቃዛው ግን ደህና ነው። ቦይለሩ ሲሞቅ ደግሞ እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣል።

ሶፍትነር የሚባለውን የውሃ ማለስለሻ የሚሸጥ አንድ ሰው መጥቶ «ለመላው ቤት ትልቅ ሶፍትነር ካላስገባሽ ቧንቧው ሁሉ ይደፈናል» አለኝ። ሌላው ቧንቧ ላይ የሚታሰር ማግኔት አሳየኝ። ከተከራዮች ጋር ሰባት ሰው ነን። ከመክፈሌ በፊት የሞከራችሁ ብትነግሩኝ።

ማራኪ የሚኖር

እህቴ፣ አትጨነቂ። ባለ ሦስት እርከን ፊልተር አስገቢ። እኔ ካስገባሁ ወዲህ ውሃዬ ኩልል ብሏል። በክረምት እንኳ ጭቃ የሚባል አላይም።

ቦይለር ጠጋኝ

የማራኪው ወንድማችን ያለው ለእሱ ቤት ልክ ነው። ከአንገረብ ግድብ የሚመጣው ውሃ በክረምት ደለል ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ ያንን ፊልተር ይይዘዋል። የአንቺ ችግር ግን ሌላ ነው። ነጩን ነገር የሚያመጣው በውሃው ውስጥ የሟሟ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው። የሟሟ ነገር በጥጥ ፊልተርም በከሰል ፊልተርም ያልፋል። ውሃው ኩልል ብሎም ኬትሉን ሊያለብሰው ይችላል።

ውሃው ሲፈላ ከካልሲየሙ ጋር የተያያዘው ጋዝ ይወጣል፣ ካልሲየሙ ደግሞ ኖራ ሆኖ በጣም የጋለው ቦታ ላይ ይለጠፋል። ኬትል ውስጥ ታቹ ላይ፣ ቦይለር ውስጥ ውሃውን የሚያሞቀው ሪዚስታንስ ላይ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሙቁ መስመር ብቻ የቀጠነው። ቀዝቃዛው ቧንቧ በዚህ ምክንያት በቀላሉ አይደፈንም። «ቧንቧው ሁሉ» ያለሽ ሻጭ አጋኗል።

ምንም ሳትገዢ ሁለት ነገር አድርጊ። አንደኛ፣ ከኬትሉ ቅርፊት ትንሽ ፍቀሽ አቼቶ ጠብ አድርጊበት። ፍሽሽ ብሎ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ሁለተኛ፣ ውሃውን ላብራቶሪ ወስደሽ ጠቅላላ ሃርድነሱን ወይም ከባድነቱን፣ ማለትም ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ምን ያህል እንደሆነ፣ አስለኪ። ቁጥሩን ይዘሽ ተመለሺ፣ እናሰላዋለን።

አራዳ፣ የድሮ ቤት

እኔም ጋ ያው ችግር አለ! የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ጠዋት ሲከፈት መጀመሪያ ቡናማ ይመጣል። ስለዚህ ለእኔም ሶፍትነር ነው ማለት ነው?

ቦይለር ጠጋኝ

አይደለም፣ የእርስዎ ዝገት ነው። ቤቱ የድሮ ከሆነ ቧንቧው ጋልቫናይዝ ሳይሆን አይቀርም። ጋልቫናይዝ ሲያረጅ ከውስጥ ይዝጋል፣ ቀዳዳውም ይጠባል። ቀዝቃዛውም ሙቁም እኩል ከቀጠነ፣ ጠዋት የሚመጣው ቡናማ ከሆነ፣ የተፋቀውም አቼቶ ላይ ካልፈላ ሶፍትነር ምንም አያደርግልዎትም። ቧንቧውን በፒፒአር ፕላስቲክ መቀየር ነው መፍትሔው። መጀመሪያ ግን የቧንቧውን አፍ ወንፊት ፈትተው ይዩት። አንዳንዴ ጥፋቱ እሱ ብቻ ነው።

የልጆች እናት

ይቅርታ፣ ዋናው ጥያቄ ጤና አይደለም እንዴ? ወንድሜ የኩላሊት ጠጠር ወጥቶበታል። ይኼ ኬትል ላይ የምናየው ድንጋይ ሆድ ውስጥም እንደዚያው ይሆናል ይባላል።

ነርስ

እናቴ፣ ወንድምዎን እግዚአብሔር ይማረው። ኬትል ላይ ስለታየ ኩላሊት ላይም ይከማቻል ማለት አይደለም። ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ወተት ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለውሃ ከባድነት በጤና ምክንያት ያስቀመጠው ገደብ የለም። ለጠጠር ይበልጥ የሚያጋልጠው ውሃ በደንብ አለመጠጣት ነው። ወንድምዎ ጠጠር ስላለበት ግን ምን መጠጣት እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ካፌ ያለው፣ ፒያሳ

እኔ ሶፍትነር አለኝ። ለቤት ሳይሆን ለቡና ማሽኑ። 8 ሊትር የሚይዝ፣ በእጅ የሚታደስ ትንሽ ሲሊንደር ነው። ካፌ የምትከፍቱ ሁሉ ይኼን አትዝለሉ። የማሽን ቦይለር ቀኑን ሙሉ ይፈላል፣ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፣ ሲደፈን ማሽኑም ገቢውም ነው የሚቆመው።

ደካማ ጎኑ ማደሱ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ 1 ኪሎ የገበታ ያልሆነ፣ ሸካራ ጨው ይገባል፣ ከዚያ የሚወጣው ውሃ ጨው ጨው ማለቱን እስኪተው ይታጠባል። ሠራተኛው ቀኑን ከረሳው ሲሊንደሩ ዝም ብሎ ያሳልፋል፣ ማንም አያውቅም። እኛ ማሽኑ አጠገብ የማደሻ ቀን መዝገብ ሰቅለናል። ስትገዙም ማደሻውን አሳዩኝ በሉ። ማሳየት ያልቻለ ሻጭ በኋላም አይመጣላችሁም።

ጠያቂዋ፣ አዘዞ

አቼቶ ላይ ፈላ፣ ኖራ ነው። የላብራቶሪው ውጤት ደግሞ ጠቅላላ ሃርድነስ በሊትር 260 ሚሊግራም ይላል። ይኼ ብዙ ነው?

ቦይለር ጠጋኝ

ከ180 በላይ በጣም ከባድ ከሚባለው ይመደባል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ እስከ 300 ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ለመጠጥ ከደረጃው አልወጣም። ችግሩ የዕቃ ነው።

አሁን ትልቁን ሶፍትነር እንመዝነው። ሰባት ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም 350 ሊትር ነው። ካልሲየሙን የሚይዘው ሬዚን የሚባል ፍሬ 25 ሊትር ያለው ሶፍትነር በ3 ኪሎ ያህል ጨው ሲታደስ ወደ 1,250 ግራም ኖራ ይይዛል። በ260 ስናካፍለው 4,800 ሊትር ገደማ ያለሰልሳል፣ ለእናንተ ሁለት ሳምንት ያህል ማለት ነው። በወር ሁለት ጊዜ ታድሳለሽ፣ 6 ኪሎ ጨው ይሄዳል። ይኼ አይከብድም።

የሚከብደው ሌላ ነው። እያንዳንዱ እድሳት ከ150 እስከ 200 ሊትር ውሃ ይደፋል። ውሃ በፈረቃ በሚደርስበት ከተማ፣ ፓምፕሽም መብራት በሚጠብቅበት ቤት፣ በወር የአንድ ቀን ውሃ ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ግፊት ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ባር ይፈልጋል። ሮቶሽ ከሻወሩ 4 ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጥሽ 0.4 ባር ነው። ስለዚህ ሻጩ ያልነገረሽ ሌላ ፓምፕ ይጨመራል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውሃው ይቆማል።

ሌላም አለ። ሽንት ቤት የምታወርጂበትን፣ ግቢ የምታጥቢበትን፣ ልብስ የምታለቀልቂበትን ሁሉ ታለሰልሻለሽ። ቅርፊት የሚሠራው ግን የምታሞቂው ብቻ ነው። እሱ በቀን 80 ሊትር ቢሆን ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ቦይለሩን አስከፍቺ። ማከፋፈያው ላይ መብራቱን አጥፍቶ፣ ውሃውን አፍስሶ፣ የታችኛውን ክዳን ፈትቶ ሪዚስታንሱን የሚያወጣ ሰው ፈልጊ። «ከውጭ አሲድ ጨምሬ አጥብልሻለሁ» የሚልሽን አታስገቢ። ቅርፊቱ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ይነሳል፣ መዳብ በቢላ አይፋቅም። ታች የተጠራቀመው ኖራ ይዛቃል፣ አንዳንዴ ብዙ ነው። በዚያው ቦይለሩን ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዚየም ዘንግ ይይልሽ፣ አልቆ ከሆነ ይቀየር፣ ጎማውም አዲስ ይሁን። ሲዘጋ ሙቀቱን 60 ላይ አድርጉት። 70 እና 80 ላይ ሲሆን ኖራው ይፈጥናል። ፈንዲሻው ድምፅ ሲመለስ እንደገና ማስከፈት ነው፣ በእንዲህ ያለ ውሃ በዓመት አንዴ ይበቃል።

ይኼን አድርገሽ አሁንም ቶሎ ቶሎ ካስቸገረሽ፣ ያን ጊዜ ካፌው የሚጠቀመውን ዓይነት ትንሽ ሲሊንደር ለቦይለሩ መግቢያ ብቻ አስገቢ። በ260 ወደ 1,000 ሊትር ይሄዳል፣ አስራ ሁለት ቀን ያህል ማለት ነው። ግን ግፊቱ ዝቅ ስላለ ሙቁ ውሃ ትንሽ ይቀንሳል፣ ተከራዮቹ ያማርራሉ።

የልጆች እናት

ለኬትሉስ ምን ይሻላል? እኛ ሎሚ ነው የምንጨምቅበት።

ካፌ ያለው፣ ፒያሳ

ሎሚ ይሠራል፣ ግን ብዙ ይፈጃል። አቼቶ ግማሽ በግማሽ ከውሃ ጋር አድርገው አንድ ሰዓት ቢያቆዩት በደንብ ይለቃል፣ ሽታው ነው ችግሩ። እኔ ሲትሪክ አሲድ እመርጣለሁ። ለአንድ ሊትር ሁለት ማንኪያ፣ በሞቀ ውሃ። አያፍሉት! ሲፈላ ሌላ ነጭ ነገር ሊሠራ ይችላል፣ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይነሳም። አረፋው ጸጥ ሲል አፍስሰው ሁለቴ ያለቅልቁ።

ነርስ

አደራ፣ አቼቶም ሆነ ሌላ አሲድ ከበረኪና ጋር እንዳይቀላቀል። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። የባትሪ አሲድ ኬትል ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎችም አይቻለሁ፣ በፍጹም አይደረግም።

ሶፍትነር ለምታስገቡም አንድ ነገር ልበል። ካልሲየሙን ሲያወጣ በምትኩ ሶዲየም ያስገባል። በ260 ከሆነ በሊትር 120 ሚሊግራም ያህል ይጨምራል። ቤት ውስጥ የደም ግፊት ያለበት ሰው ወይም የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን ካለ የመጠጥና የማብሰያው ቧንቧ ያልለሰለሰውን ይያዝ።

ማራኪ የሚኖር

ስለ ማግኔቱስ? እህቴ ቤት አስረዋል፣ ቅርፊቱ ለስልሷል ትላለች።

ቦይለር ጠጋኝ

ማግኔት ካልሲየሙን ከውሃው አያወጣም፣ ስለዚህ ከማግኔቱ በፊትም በኋላም ብታስለኪው ቁጥሩ ያው 260 ነው። «የቅርፊቱን ዓይነት ይለውጣል» የሚሉ አሉ። እኔ ማግኔት የታሰረባቸውን ቦይለሮች ከፍቼ ልዩነት አላየሁም፣ የማራኪው ወንድማችን እህት ቤት ያለውን ግን አላየሁትም። ሻጩ ሦስት ወር ሞክሪና ካልሠራ ልመልስ ካለሽ መሞከር ይቻላል።

ጠያቂዋ፣ አዘዞ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለትልቁ ሶፍትነር ሻጭ ቅድሚያ ክፍያ አልሰጥም ብያለሁ። ቅዳሜ ቦይለሩ ይከፈታል። ከተከራዮቼ አንዷ ግን ፀጉሯ በዚህ ውሃ ስለሚደርቅ ሶፍትነሩ ይግባ ትላለች፣ ከኪራዩ ላይ ለመጨመርም ፈቃደኛ ናት። በዚህ ምን ትላላችሁ?

ካፌ ያለው፣ ፒያሳ

ለፀጉር ከሆነ ክረምት ላይ ከቆርቆሮው የዝናብ ውሃ ትያዝ። መጀመሪያ የሚወርደውን አቧራ ትድፋው። ሳሙናው እንዴት አረፋ እንደሚያወጣ ራሷ ታየዋለች። ከክረምት በኋላ የምታደርገውን ግን እኔም አላውቅላትም።

ቦይለር ጠጋኝ

ከሻወሩ በላይ የሚገጠሙት ትንንሽ ፊልተሮች ክሎሪን ሊቀንሱ ይችላሉ፣ የውሃውን ከባድነት ግን አይቀንሱም፣ ለዚያ ብላ አትግዛ። ልትጨምር ፈቃደኛ ከሆነች ለሷ ክፍል ብቻ ትንሹን ሲሊንደር ማስገባት ይቻላል። የእድሳቱ ጨዋማ ውሃ ጌሾውና ጎመኑ ሥር እንዳይደፋ ግን መውጫውን ወደ ፍሳሽ አስመሩት።