ከአያቴ ዕቃ ቤት የወጣው ማሽን ምንድን ነው? የሚያጸዳልኝስ የት ላግኝ?

ቶና፦ ሰላም ቤተሰብ። አያቴ ካረፈ በኋላ ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ ይሄ ወጣ። ፎቶውን እዩልኝ። ግራጫ ብረት ነው፣ ለሁለት ነው ያነሳነው። ፊት ለፊቱ በእጅ የሚዞር እጀታ አለው። በአንድ ጫፍ ወረቀት የሚደረደርበት፣ በሌላው ጫፍ የሚቀበልበት ሳጥን መሳይ ነገር። ከላይ ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ መስኮት አለ። ስሙ የተጻፈበት ቆርቆሮ ወልቋል፣ የቀሩት ሁለት የብሎን ቀዳዳዎች ናቸው። አያቴ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበር። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ምንድን ነው? ደግሞስ የት ልውሰደው? ፒያሳ ታይፕ ጠጋኞቹ ጋ፣ ምናለሽ ተራ ወይስ ቸርችል ጎዳና የድሮ ዕቃ ሻጮቹ ጋ?

የፒያሳ ልጅ፦ ወንድሜ ሳታስብ ፒያሳ ውሰደው። የእኔ ሰውዬ አለ፣ የአባቴን ታይፕ ሁለት ጊዜ ሠርቶለታል። ምንም ይሁን ምን እሱ ያውቀዋል።

ሒሳብ በጣት፦ ማስያ ነው። እጀታ አለው፣ የቁጥር መስኮት አለው፣ አለቀ። ድሮ ባንክ ቤት ገንዘብ ከፋዩ ጎን አልነበረም እንዴ? ቁጥሩን ይነካና እጀታውን ይስባል።

ዝም በል፦ እጀታ ያለው ሁሉ ማስያ ከሆነ እናቴ የሥጋ መፍጫዋን ይዛ ባንክ መቀጠር ትችላለች።

ሰላም ከዲሲ፦ ኧረ እኔ አወቅኩት! ፈተናችን የሚታተምበት ነው። ሐምራዊ ጽሑፍ ያለው። ወረቀቱ ሲታደል ገና እርጥብ ነበር፣ ሁላችንም መጀመሪያ የምናደርገው ማሽተት ነበር። ጥያቄውን የምናነበው ከዚያ በኋላ ነው። ሽታው አሁን እንኳ አፍንጫዬ ላይ መጣ።

ጡረተኛው፦ ማስያ አይደለም። የቢሮ ማስያ ቁጥር የሚገባበት ቁልፍ ወይም ማንሸራተቻ ይኖረዋል። ይሄ ሁለቱም የለውም። መስኮቱ የሚቆጥረው ያለፈውን ወረቀት ነው። ማባዣ ነው። እኔ በማባዣ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከጥፍሬ ሥር ጥቁሩ ለቆ አያውቅም ነበር።

የዲሲዋ ልጅ የምትለውም ማባዣ ነው፣ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በሐምራዊው ማሽን ውስጥ ቀለም የሚባል ነገር የለም። ቀለሙ ያለው ዋናው ወረቀት ላይ ነው። ማሽኑ ባዶውን ወረቀት በስፒሪት ያርሰዋል፣ እርጥቡ ወረቀት ከዋናው ላይ ትንሽ ቀለም ልሶ ይወጣል። ለዚህ ነው እየቆየ የሚደበዝዘው፤ የመጨረሻው ተማሪ የሚደርሰው ወረቀት አይነበብም። ያ የምትናፍቁት ሽታም ስፒሪቱ ነው። የስቴንስሉ ማባዣ ግን ቀለሙን ራሱ ይዟል። ስቴንስሉ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው፣ እንደ ወንፊት ይሠራል፤ ፊደሉ በታይፕ በተመታበት ቦታ ሰሙ ተገፍቶ ቀለሙ በዚያ ያልፋል።

ከውጭ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ከላይ ክዳኑን ክፈትና ውስጡን ፎቶ አንሳ። ሲሊንደሩ አንድ ነው ሁለት? ጨርቅ ተወጥሮበታል? ጥቁር ቅባት አለ? እነዚህን ካየሁ እነግርሃለሁ።

ቶና፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እህት ነኝ ግን። ማታ ከሥራ ስመለስ ከፍቼ አነሳለሁ።

የልደታዋ ታይፒስት፦ ማሽኑን ተይው፣ እኔ ስለ ጠጋኞቹ ልንገርሽ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ ስጽፍበት የነበረ የአማርኛ ታይፕ ነበረኝ። «ምች» የሚል ድምፅ ጀመረ ብዬ አንድ ጠጋኝ ጋ አስገባሁት። በሁለተኛው ቀን ሰጠኝ፣ እንደ አዲስ ያበራል። ደስ አለኝ። ሦስት ሳምንት አልሞላውም፣ ፊደሎቹ ከተነሱ መመለስ ተዉ። እየመታሁ በጣቴ እየመለስኩ። ለካስ የሞተር ዘይት አልብሶት ነው! ፊደሎቹ የሚነሱበትን ማበጠሪያ መሳይ ቦታ ሙሉ በሙሉ በዘይት ሞልቶታል። ዘይቱ አቧራ ጠጥቶ ሙጫ ሆነ። ተመልሼ ስሄድ «እርጅና ነው እናቴ» አለኝ። የኔን ይሁን የታይፑን አልገባኝም።

ዝም በል፦ ሁለታችሁንም ይሆናል።

የልደታዋ ታይፒስት፦ አንተ ስምህን አክብር።

የፒያሳ ልጅ፦ የእኔ ሰውዬ እንዲህ አያደርግም።

የልደታዋ ታይፒስት፦ የአንተ ሰውዬ መሆኑን በምን አወቅህ? ስም ጠራሁ?

የፒያሳ ልጅ፦ አላልኩም። አያደርግም ነው ያልኩት።

ገብርዬ፦ ያ ቦታ ጭራሽ ዘይት አይወድም። በቤንዚንና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ በቃ። ዘይት ጠብ የሚደረገው ጋሪው የሚሄድበት ሀዲድ ላይ ነው፣ እሱም የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት። እህቴ፣ የአንቺ ታይፕ ምናልባት አልሞተም። መስኮት ከፍተሽ፣ ከሰል ካለበት ርቀሽ፣ በቤንዚን ሦስት አራት ጊዜ እጠቢው። ሙጫው ይለቃል።

የልደታዋ ታይፒስት፦ ሸጥኩት እኮ። ለቆራሌው።

ገብርዬ፦ እሱን እንዳልሰማሁ ልቁጠረው።

ኮፒ ቤት አለኝ፦ የማባዛት ሥራ ከሆነ የፈለጋችሁት እኔ ጋ ሪሶ አለ። ለትምህርት ቤት ፈተና በብዛት እንሠራለን። ስቴንስል ማን ይፈልጋል በዚህ ዘመን? ሪሶም ያው ስቴንስል ነው፣ ራሱ ቀርጾ ራሱ ያባዛል።

ዝም በል፦ ልጅቷ ማሽን አላት። የጠየቀችው ስሙን ነው።

ቶና፦ ከፈትኩት። ጓንት አለማድረጌ ስህተት ነበር። ፎቶ ሁለትን እዩ። ሲሊንደሮቹ ሁለት ናቸው፣ አንዱ ከሌላው በላይ። ሁለቱን ዞሮ የተወጠረ ጥቁር ጨርቅ አለ፣ እንደ ቆዳ ደርቋል። በጎን በኩል ደግሞ ወፍራም የጥርስ ሳሙና ቱቦ የሚመስል ነገር ተሰክቶ ቀርቷል፣ ተጨምድዶ ጠፍጣፋ ሆኗል።

ጡረተኛው፦ አየሽ፣ አሁን ተናገረ። ሁለት ሲሊንደርና በዙሪያቸው ሐር፣ በጎን የቀለም ቱቦ። ይሄ ጌስቴትነር የሚባለው ፋብሪካ አሠራር ነው። ቀለሙ ከቱቦው ተጨምቆ ይወጣል፣ ወዲያ ወዲህ የሚሉ ሮለሮች ሲሊንደሩ ላይ ያሰራጩታል፣ በሐሩ አልፎ ወደ ስቴንስሉ ይመጣል። በአንድ ሲሊንደር የሚሠሩት ግን ሲሊንደሩ ራሱ እንደ ወንፊት የተበሳ ነው፣ ቀለሙ የሚገባው ከውስጡ ነው። ስለዚህ ስሙ ቢወልቅም ሲሊንደር ቁጠሩ እላለሁ።

ሌላም ልንገርሽ። የጥንቱ ጌስቴትነር እግሮቹ ወደ ውጭ የተዘረጉ፣ ጥርሱና ሰንሰለቱ ሁሉ ገሃድ የወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 ሬይመንድ ሎዊ የሚባል ዲዛይነር ተቀጥሮ ያንን ሁሉ በክዳን ሸፈነው። ያንቺ የተሸፈነ ስለሆነ ጌስቴትነር ከሆነ ከዚያ ወዲህ ነው።

ሒሳብ በጣት፦ «ከሆነ» አሉ? አሁን እርግጠኛ መስለውኝ ነበር።

ጡረተኛው፦ አሠራሩን እርግጠኛ ነኝ። በሁለት ሲሊንደር የሠሩ ሌሎችም አሉ። ስሙን ካላየሁ አልምልም።

አልማዝ ነኝ፦ ሮኔዮ ነው በቃ! እኛ ትምህርት ቤት «ሮኔዮ ክፍል» ነበር የሚባለው።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ሮኔዮ የሌላ ፋብሪካ ስም ነው፣ የእነሱ ባለ አንድ ሲሊንደር ነው። ክፍሉን እንዲያ መጥራት የጥርስ ሳሙናን ሁሉ ኮልጌት እንደማለት ነው። ቶና፣ ከማሽኑ ጋር ስቴንስል አልተገኘም? አናቱ ላይ የተርታ ቀዳዳ ያለው፣ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት። ቀዳዳው እንደየፋብሪካው ይለያያል። ሲሊንደሩ ላይ ባሉት ጥርሶች አንጠልጥዪው። ልክ ከገባ ጥሩ ምልክት ነው።

ቶና፦ ካርቶን ውስጥ አንድ አለ! የተጻፈበት ነው። አንጠለጠልኩት። መሃል ያሉት ገቡ፣ ዳርና ዳር ያሉት አልገቡም። ብርሃን ላይ ስይዘው ደግሞ ይነበባል፣ የጂኦግራፊ ፈተና ነው። «ዓባይ» ከሚለው ውስጥ የ«ዓ» ሆድ ተቦድሶ ወድቋል፣ ክብ ቀዳዳ ነው የቀረው።

የልደታዋ ታይፒስት፦ አያትሽ ጣቱ ከባድ ነበር! ስቴንስል ሲመታ ሪባኑ ይነሳል፣ ብረቱ ራሱ ሰሙን ይቆርጣል። ሆድ ያለውን ፊደል በኃይል ከመታሽው ሆዱ ይወድቅና ሲታተም ጥቁር ነጥብ ይሆናል። «ዐ» እና «ፀ» ላይ እጄን እሳሳ ነበር። ስህተት የሚደፈነው ደግሞ የጥፍር ቀለም በሚሸት ቀይ ፈሳሽ ነው። እፍ ብሎ አድርቆ እንደገና መምታት።

ሰላም ከዲሲ፦ እናቴ ያንን ፈሳሽ ጥፍሯን ተቀብታው ታውቃለች። 😂

ጡረተኛው፦ ዳርና ዳሩ ካልገባ ስቴንስሉ የሌላ ማሽን ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ማሽን አይጠፋም። ወይም ጥርሱ ተጣሟል። ከፎቶ አይታወቅም።

ጽዳቱን በተመለከተ፣ ቀለሙ ዘይት ነው፣ በውኃ አይሞከርም። ሐሩ ከደረቀ አይመለስም፣ ግን አትጣዪው፣ ሌላ ሲሰፋ ለልክ ይሆናል። ብረቱን በነጭ ጋዝ በተነከረ ጨርቅ ጥረጊ። ጎማ ሮለሮቹን ግን ነጭ ጋዝ ውስጥ አትዘፍዝፊያቸው፣ ያብጣሉ። አንዴ ጠረግ፣ ወዲያው በደረቅ። እጀታውን አሁን አታዙሪ። የደረቀ ሐር ከዞረ ይቀደዳል።

ቶና፦ ወይኔ። አንዴ አዙሬው ነበር።

ጡረተኛው፦ ምን አለ?

ቶና፦ ቀጭ አለ።

ዝም በል፦ አሁን ማስያ ሆነ። አንድ ሲቀነስ።

ገብርዬ፦ አትደንግጪ፣ ሐሩ እንደሁ የሞተ ነው። ጠቃሚው ጥያቄ ማን ጋ ትውሰደው የሚለው ነው። ታይፕ የሚጠግን ሰው ማባዣ ያውቃል ማለት አይደለም። ብትወስጂውም መጀመሪያ «ቀለሙ በየት ነው የሚገባው?» ብለሽ ጠይቂው። ክዳኑን ሳይከፍት ዋጋ ከነገረሽ ይዘሽ ውጪ። ምናለሽ ተራ የምትሄጂው መለዋወጫ ፍለጋ ከሆነ ነው። ማሽኑን ይዘሽ ከሄድሽ በኪሎ ይመዝኑልሻል። ቸርችል ያሉት ደግሞ ውስጡ ግድ አይሰጣቸውም፣ ውጩ ካበራ ይገዛሉ።

የፒያሳ ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ወሬ ለምንድን ነው? ፒያሳ ውሰጂው ብያለሁ።

ሒሳብ በጣት፦ ሰውዬህ ማባዣ ሠርቶ ያውቃል?

የፒያሳ ልጅ፦ ታይፕ ይሠራል አልኩ እኮ። ያው ማሽን ነው።

አልማዝ ነኝ፦ ቶና ምን ወሰንሽ? ከሳምንት በፊት ነው የጠፋሽው።

ኮፒ ቤት አለኝ፦ ሪሶ የምትፈልጉ ካላችሁ አሁንም አለ።

ሰላም ከዲሲ፦ እግረ መንገዴን፣ አክስቴ ቤት ይሄ አለ፣ ፎቶውን እዩልኝ። እጀታ አለው፣ ቁልፎችም አሉት፣ ከላይ ወረቀት ተጠቅልሎ ይገባበታል። ታይፕ ነው መሰለኝ?

ሒሳብ በጣት፦ ማስያ ነው! በዚህኛው እምላለሁ።

ጡረተኛው፦ ቁልፎቹ ላይ ፊደል ነው ያለው ቁጥር?