ሺህ ቤል ድርቆሽ እዚህ መጋዘን ውስጥ ይገባል?

ድርቆሹ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የመጋዘኔ የውስጥ ልክ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር ነው። ከወለሉ እስከ ጣሪያው አግዳሚ እንጨት ደግሞ 3.5 ሜትር አለው። ቤሎቹ 90 በ45 በ35 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ አንዱ 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የመጋዘኑን ይዘት ለቤሉ ይዘት ሳካፍለው 1,185 ይመጣል። 1,000 ቤል ልገዛ አስቤያለሁ። ይገባል? አደራደሩስ ለውጥ ያመጣል?

ሂሳብ ቀላል
ሁሌም 15 በመቶ ቀንስ፣ ለክፍተት። ከ1,185 ላይ ስትቀንስ 1,007 ይቀርሃል። ሺዋ ትገባለች ማለት ነው። ዘና በል።

አሮጌ ክምር
ለክፍተት መቀነሱ ደግ ነው፣ ግን የሚቀነሰው ከክምሩ እንጂ ከመጋዘኑ አይደለም። መጀመሪያ ክምሩ የሚያርፍበትን ቦታ ለይ።

ከሦስቱ ግድግዳ 20፣ 20 ሴንቲ ራቅ። ግድግዳ የነካ ድርቆሽ ይሻግታል፣ የተገፋ ክምርም ግድግዳውን ያጎብጠዋል። በበሩ በኩል ቆመህ የምትሠራበት 1 ሜትር ተው። ስለዚህ ወለሉ ላይ የሚተርፍህ 6.8 በ5.6 ሜትር ነው። ከታች ፓሌት ካነጠፍክ 14 ሴንቲ ይወስዳል። ከላይ 50 ሴንቲ ተው። ቆርቆሮው ሌሊት ያልበዋል፣ ጠብታውም ቤሉ ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞ የመጨረሻውን ደርብ የሚያስገባው ሰው በሆዱ እየተሳበ ነው፣ መተንፈሻ ያስፈልገዋል። ከፍታህ 2.86 ሜትር ሆነ።

አሁን ቤሉን አስተኝተህ ቁጠር። ረጅም ጎኑን ወደ መጋዘኑ ወርድ ካዞርከው በ5.6 ሜትሩ ውስጥ 6 ቤል ይገባል፣ ወደ ኋላ ደግሞ 15 ረድፍ። ይኼ 90 ነው። ረጅም ጎኑን ወደ መጋዘኑ ርዝመት ካዞርከው 7 በ12፣ 84 ብቻ ነው። ግን ጫፉ ላይ ግማሽ ሜትር ይተርፋል። እዚያ አንድ ረድፍ ቤል አዙረህ ብትደረድር 6 ይጨመራል። ይህም 90 ሆነ።

ስለዚህ አንዱን ደርብ በአንድ አቅጣጫ፣ ቀጣዩን በሌላው እያደረግክ ውጣ፣ ምንም ቤል አታጣም። ሁለት የቤል ወርድ አንድ የቤል ርዝመት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚገጥመው። የላይኛው ቤል የታችኞቹን ሁለት ረግጦ ይይዛቸዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ያቺን የዞረች ረድፍ ሁልጊዜ በበሩ በኩል አታድርጋት። ከታችና ከላይ ካለው ደርብ ጋር አቅጣጫዋ አንድ ስለሆነ፣ ከሌላው ጋር ሳትተሳሰር ለብቻዋ ግንብ ሆና ትቆማለች። አንዴ በበሩ፣ አንዴ በጀርባው በኩል አድርጋት።

2.86 ሜትር 8 ደርብ ይይዛል። 8 በ90፣ 720 ቤል።

ሂሳብ ቀላል
እሺ፣ ገባኝ። ከ1,185 ወደ 720! አደራደሩ ሳይሆን ዳር ዳሩ ነው የበላው።

የላሞቹ እናት
ሁላችሁም የረሳችሁት፣ የመጀመሪያው ደርብ መተኛት የለበትም። በጎኑ ነው የሚቆመው፣ ሲባጎው መሬቱን እንዳይነካ። እርጥበት የነካው ሲባጎ ይበሰብስና ክረምት ላይ ስታነሱት በእጃችሁ ይፈታል። እኔ ስንቱን በሹካ ዘግኛለሁ።

አሮጌ ክምር
ልክ ነሽ እህቴ፣ ቁጥሩም ይለወጣል። በጎኑ የቆመ ቤል ወለል ላይ 35 ሴንቲ ብቻ ይይዛል። ስለዚህ 6 በ19፣ 114 ቤል ይገባል። ግን ከፍታው 45 ይሆናል። በላዩ 7 ደርብ ስታስተኛ ጠቅላላው 2.90 ሜትር ነው፣ ካለህ ቦታ በ4 ሴንቲ አለፈ። ያቺን 4 ሴንቲ ከጣሪያው ክፍተት ከወሰድክ 744 ትደርሳለህ። እምቢ ካልክ አንድ ሙሉ ደርብ ትቀንስና 654 ነው። እኔ 4ቱን ሴንቲ እወስዳለሁ፤ ክምሩ በሳምንታት ውስጥ በራሱ ክብደት ትንሽ መውረዱም አይቀርም።

ገለባ በገለባ
ፓሌት ካለ በጎን ማቆሙ ምን ያደርጋል? ሲባጎው መሬት አይነካም እኮ። አስተኝቶ 8 ደርብ ማድረግ ይበቃል።

የላሞቹ እናት
ፓሌቱ ራሱ እርጥበት ያስተላልፋል ወንድሜ። በፓሌት ላይም የተበላሸ አይቻለሁ።

ሰፊ ሜዳ
የእኔ ድቡልቡል ነው፣ ስፋቱም ጥልቀቱም 1.2 ሜትር። በዚህ ስሌት ስንት ይገባኛል? መጋዘኔም ወደ 6 በ8 ነው።

አሮጌ ክምር
ያንተ ሌላ ነገር ነው ጌታው። ድቡልቡል ሲደረደር የላይኛው በታችኞቹ መካከል ይቀመጣል፣ እያንዳንዱም ደርብ በአንድ ያንሳል። ከታች 5 ብታደርግ 6 ሜትር ሞልቶ ግድግዳ ይነካል፣ ስለዚህ 4 ከታች፣ 3 ከላይ አድርግ። ወደ ኋላ 5 ረድፍ ቢሄድልህ 35 ነው። ዳር ያሉት ወደ ውጭ እንዳይንሸራተቱ በሽብልቅ ያዛቸው።

ድርቆሹ (ጠያቂ)
እናመሰግናለን። ግን የበሩን 1 ሜትር በመጨረሻ ብሞላውስ? በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው።

አሮጌ ክምር
ሁለት ረድፍ ይገባል፣ በደርብ 12 ቤል። 8 ደርብ ቢሆን 96 ነው። ከ744ቱ ጋር 840። አሁንም ሺህ አይሞላም። ደግሞ ድርቆሹ ገና አዲስ ከሆነ አትሙላው። ክምሩ ውስጥ ሙቀት ሲጨምር ዘንግ አስገብተህ የምትነካበት ቦታ ያሻሃል። የጋለ ዘንግ በእጅህ መያዝ ካቃተህ ክምሩ ወደ እሳት እየሄደ ነው።

ገለባ በገለባ
በደንብ ደርቆ ከተገዛ ሙቀት ከየት ይመጣል? ሻጩን ጠይቅና ሙላው።

አሮጌ ክምር
ሻጩ ምን ብሎ ነው "እርጥብ ነው" የሚልህ? አንዱን ቤል ፈትተህ መሃሉን በእጅህ ጭበጥ።

አንድ ነገር ግን ሳትገዛ አድርግ። ቤሉ እውነት 90 ነው ብለህ አትመን። አሥር ቤል ጫፍ ለጫፍ ደርድርና ሜትር ጎትት፣ ለአሥር አካፍል። በ5.6 ሜትር ውስጥ ስድስት ቤል የሚገባው እያንዳንዱ እስከ 93 ሴንቲ ሲሆን ነው። 95 ከሆነ ስድስቱ 5.7 ሜትር ይይዛሉ፤ ከግድግዳው ክፍተት ሰርቀህ ታስገባቸዋለህ። ግን ወደ ርዝመቱ ስትደረድር ሰባተኛው ከነዞረችው ረድፍ አይበቃውም። 6 ሄዶ 2 የዞረ ረድፍ ይሆንና ያ ደርብ ከ90 ወደ 84 ይወርዳል። ሁለት ወርድ አንድ ርዝመት መሆኑም ያበቃል፣ ቤሎቹ በደንብ አይያያዙም።

ድርቆሹ (ጠያቂ)
ለካሁት። አሥሩ 9.2 ሜትር ሆነ። ስድስቱ 5.52 ነው፣ ይገባል። ወደ ርዝመቱ ሰባቱ 6.44 ሆኖ ከዞረችው ረድፍ ጋር 6.89 ይመጣል፣ በሩ በኩል 9 ሴንቲ ወጣ ይላል። ያንን ከመሥሪያው 1 ሜትር ልውሰድ?

አሮጌ ክምር
ውሰድ፣ ችግር የለውም። ግን ከዚያ በኋላ ያ ጫፍ ከሥሩ ካለው ደርብ ወጣ ስለሚል ልል እንዳይሆን እየጠበቅክ ደርድር። 740 አካባቢ እዘዝ።

ድርቆሹ (ጠያቂ)
740 አዛለሁ። የቀረውን ከመጋዘኑ ውጭ በሸራ ስር ላደርግ ወይስ በኋላ ልግዛ የሚለውን ገና እያሰብኩበት ነው።