አምስት ቃለ መጠይቅ ገብቼ አንዱም አልተሳካም፤ ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ማሂ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። አካውንታንት ነኝ፣ የሁለት ዓመት ልምድ አለኝ። ባለፉት አራት ወራት አዲስ አበባ ውስጥ አምስት ድርጅት ቃለ መጠይቅ ገብቼ ነበር። አንዱ «የተሻለ ልምድ ያለው ተወዳዳሪ መርጠናል» የሚል ኢሜይል ላከልኝ፤ ሌሎቹ ዝም አሉ። ለሁለቱ «ለምን እንዳልተመረጥኩ ንገሩኝ» ብዬ ብጽፍም መልስ የለም። እንዴት ቢጠየቁ ነው የሚመልሱት?

ቢኒ፦ ሲቪሽን አሳጥሪው እህቴ፤ ከሁለት ገጽ አይለፍ። ፎቶ ካለበትም አውጪው።

ማሂ፦ አመሰግናለሁ፣ ግን ሲቪውማ አምስት ጊዜ አስጠርቶኛል።

የአራዳ ልጅ፦ ኢሜይል ማን ያነባል? በአካል ሂጂና ነጥቤን አሳዩኝ በይ። መብትሽ ነው።

ቅጥር ክፍል፦ እሱ የሚያስኬደው መንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ የፈተናና የቃለ መጠይቅ ውጤት ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ቅሬታም ይቀርባል። የግል ድርጅት ግን ነጥብ አያሳይም፤ በር ላይ ቆሞ የጠየቀውን ደግሞ እንደ ተከራካሪ ነው የሚያየው።

ማሂ፣ ጥያቄሽ ያልተመለሰው በቃሉ ምክንያት ይመስለኛል። «ለምን» ስትይ ውሳኔያቸውን አስረዱ ማለትሽ ነው፤ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ነገ ክስ ይሆንብኛል ብላ ትተወዋለች። ስለ ውሳኔው ሳይሆን ስለ አንድ የሥራ ክፍል ጠይቂ። ውጤቱን በሰማሽ በሁለት ቀን ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ጠያቂዎቹ ማን ምን እንዳለ ይረሳሉ። እንዲህ አድርጊው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለአካውንታንት የሥራ መደብ ማክሰኞ ቃለ መጠይቅ አድርጌ ነበር። ውሳኔያችሁን ተቀብያለሁ። ለወደፊቱ እንድዘጋጅ አንድ ነገር ብቻ ቢነግሩኝ፦ ከባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ከግብር እና ከሪፖርት ዝግጅት ጥያቄዎች መካከል መልሴ ይበልጥ የላላው የትኛው ላይ ነበር? አንድ ቃል ይበቃኛል።»

ምርጫ ስትሰጪያት መልሱ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ይሆንላታል። ከተቻለ ደግሞ ጥያቄውን ለጠየቀሽ የፋይናንስ ኃላፊ እንድታስተላልፍልሽ ለምኛት፤ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ብዙ ጊዜ የምታየው የነጥቡን ድምር ነው። ሳምንት ጠብቀሽ አንድ ጊዜ አስታውሺ፣ ከዚያ ተዪው።

ደብተር ያዥ፦ ያ «የተሻለ ልምድ» የሚለው መልስ እንዳያሳስትሽ። ሁለት ዓመት እንዳለሽ ሲቪው ላይ አይተው ነው የጠሩሽ። በርግጥ አሥር ዓመት የሠራ ሰው ገጥሞሽ ይሆናል፤ ያ ከሆነ ምንም የምትማሪበት የለም። ግን ቃሉ ብዙ ጊዜ «የሠራችውን በምሳሌ አላሳየችንም» ማለትም ነው። ለመሆኑ ከአምስቱ ስንቱ ላይ ነው ባለሙያ ፊት ቀርበሽ የወደቅሽው? የተጠየቅሽውንስ ጽፈሽ ይዘሻል?

ማሂ፦ አልጻፍኩም። የማስታውሰው ሦስቱ ቦታ ላይ ባንክ ማስታረቅ መጠየቄን ነው። «የባንኩን ስቴትመንት ከመዝገብ ጋር አመሳክራለሁ» ብዬ መልሻለሁ።

ደብተር ያዥ፦ በይ እንግዲህ፣ ማንም ሳይነግርሽ ግምገማው እጅሽ ላይ ነው። አንድ ጥያቄ ሦስት ቦታ ከመጣ የዕድል ጉዳይ አይደለም። መልስሽ ትርጉም እንጂ ሥራ አይደለም። ጠያቂው የሚፈልገው ልዩነቱን የት እንደምትፈልጊው ነው። እንዲህ ብትይስ፦ «መዝገባችን 84,300 ብር፣ ባንኩ 91,500 ብር ያሳያል። የጻፍነው የ7,500 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም፣ ከባንኩ ላይ ይቀነሳል። ባንኩ የቆረጠው 300 ብር የአገልግሎት ክፍያ እኛ ጋ አልተመዘገበም፣ ከመዝገቡ ይቀነሳል። ሁለቱም 84,000 ላይ ይገናኛሉ። ለ300ው የጆርናል ምዝገባ እሠራለታለሁ፤ ለቼኩ አልሠራም፣ ምክንያቱም ስንጽፈው ተመዝግቧል።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው በእጁ እንደሠራ ያስታውቃል።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ ከሕንፃው እንደወጣሽ፣ ታክሲ ሳትይዢ፣ የተጠየቅሽውንና የመለስሽውን ስልክሽ ላይ ጻፊ። ማታ ላይ ስታስታውሺው መልስሽን አሳምረሽ ነው የምትጽፊው።

ሰብለ፦ ደመወዝስ ጠይቀዋት ከሆነ? ከበጀታቸው በላይ ከጠራሽ ምንም ብትመልሺ አይጠሩሽም፤ ይህን ደግሞ ጽፈው አይነግሩሽም።

ቅጥር ክፍል፦ እውነት ነው፣ ይህንን በጽሑፍ አይመልሱትም። በስልክ «የጠየቅኩት ደመወዝ ከመደቡ ወሰን ውጪ ነበር ወይ?» ካልሽ ግን አዎ ወይ አይደለም የሚሉ አሉ።

የአራዳ ልጅ፦ እኔ ደግሞ ደውሎ ማስጨነቅ አልወድም፤ በአካል ነው ያልኩት።

ማሂ፦ ኢሜይሉን ለላከልኝ ድርጅት ዛሬ በዚህ መልክ እጽፋለሁ። ዝም ያሉት ግን ሁለት ወር አልፏቸዋል፤ አሁንም ልጻፍላቸው?

ቅጥር ክፍል፦ ለእነሱ ስለ መልስሽ አትጠይቂ። መደቡ ተሞልቶ እንደሆነ ብቻ ጠይቂ፤ አንዳንዱ ቅጥሩን ራሱ አቁሞት ይሆናል።

ደብተር ያዥ፦ እኔ ብሆን አልጽፍም።